ቀዝቃዛው ሳምንት እና ባዶው መደርደሪያ፦ የአንድ ሳምንታዊ የሽያጭ ኢሜይል የጉዳይ ጥናት

ይህ ጥናት የሚመለከተው ለአንድ ሱቅ ሥራ አስኪያጅ በየሰኞው የምልከውን የሽያጭ ማጠቃለያ ኢሜይል ነው። ሱቁ ቻርጀር፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ አምፖል እና የመሳሰሉትን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች በችርቻሮ ይሸጣል፤ ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ነው። ትዕዛዝ ሐሙስ ማታ ለአቅራቢዎች ይተላለፋል፣ ዕቃው ደግሞ ሰኞ ጠዋት ይገባል። እኔ ሱቁ ውስጥ አልሠራም። የማየው የሽያጭ መመዝገቢያውን፣ የክምችት መዝገቡን እና በሩ ላይ የተተከለውን የጎብኚ ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ይህ ገደብ በጉዳዩ ውስጥ የራሱ ድርሻ ስለነበረው ከወዲሁ መነገር አለበት። ሽያጩን በገንዘብ ሳይሆን በፍሬ የምገልጸውም የዋጋ ለውጥ ነገሩን እንዳያደበዝዘው ብዬ ነው።

በተለመደ ሳምንት፣ ማለትም ከጉዳዩ ሳምንት በፊት በነበሩት ስምንት ሳምንታት አማካይ፣ 2,500 ሰዎች ወደ ሱቁ ይገባሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 1,000 ያህሉ ገዝተው ደረሰኝ ይቆረጥላቸዋል፣ በአንድ ደረሰኝም በአማካይ 2.4 ዕቃ ይሸጣል፤ በድምሩ 2,400 ፍሬ ማለት ነው። በጉዳዩ ሳምንት የተሸጠው 1,968 ፍሬ ብቻ ነበር፤ በ432 ፍሬ፣ ማለትም በ18 በመቶ ቀንሷል። ሰኞ ጠዋት የላክሁት የመጀመሪያ ኢሜይል ፍሬ ነገሩ እንዲህ የሚል ነበር፦

«ያለፈው ሳምንት ሽያጭ ከስምንት ሳምንት አማካይ በ18 በመቶ ዝቅ ብሏል። ለዚህም ዋናው ምክንያት የገበያው መቀዝቀዝ ነው። በተጨማሪም በአንዳንድ ዕቃዎች ላይ የክምችት እጥረት ታይቷል። ዝርዝሩ በተያያዘው ሠንጠረዥ ይገኛል።»

ሥራ አስኪያጇ ኢሜይሉን አንብበው ብዙም ሳይቆዩ ደወሉልኝ። «ገበያው ከቀዘቀዘ የሐሙሱን ትዕዛዝ መቀነስ አለብኝ፤ ዕቃ አልቆ ከሆነ ደግሞ መጨመር አለብኝ። የቱን ላድርግ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አራቱም ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ሲታዩ ያኔ ውሸት አይመስሉም ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ተቃራኒ ውሳኔዎችን የሚጠሩ ምክንያቶችን «በተጨማሪም» በሚል አንድ ቃል አያይዤ፣ የየትኛው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሳልለይ አልፌአቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ የተሻሻለ ኢሜይል እንደምልክላቸው ነግሬያቸው ወደ መዝገቡ ተመለስኩ።

ቅዝቃዜው ምን ያህል ነበር?

መጀመሪያ መለየት ያለበት ወደ ሱቁ የመጣው ሰው ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም ከሱቁ ውጭ ያለውን ገበያ ከሱቁ ውስጥ ካለው ችግር የሚለይልን በእጃችን ያለው ብቸኛ መለኪያ እሱ ነው። ዕቃ ያለቀበት ሱቅ የሽያጭ መዝገቡ ላይ ልክ ፈላጊ ያጣ ሱቅ ይመስላል። ሁለቱም ዘንድ የሚታየው ያው ዜሮ ነው። በር ላይ ያለው ቆጣሪ ግን ባዶውን መደርደሪያ ሊያይ የመጣውንም ሰው ይቆጥራል።

ቆጣሪው በሳምንቱ 2,350 ሰው መዝግቧል፤ ከተለመደው በ150 ያነሰ ነው። ይህን ቁጥር በቀን ስከፋፍለው ጉድለቱ በሳምንቱ ላይ የተበተነ አልነበረም። ሐሙስ በተለመደው ጊዜ 310 ሰው ይገባል፣ በዚያ ሳምንት 240 ገባ፤ ዓርብ 380 ይገባል፣ በዚያ ሳምንት 300 ገባ። ሰባና ሰማንያ ሲደመሩ መቶ ኀምሳውን ሙሉ ይወስዱታል፤ የቀሩት አምስት ቀናት ተደምረው ከተለመደው ጋር እኩል ነበሩ። ሥራ አስኪያጇን ስጠይቃቸው በሱቁ ፊት ለፊት ያለው መንገድ በእነዚህ ሁለት ቀናት ለጥገና ተዘግቶ እንደነበር ነገሩኝ። ይህን ጠዋት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ «የገበያው መቀዝቀዝ» የሚለውን ሐረግ አልጽፈውም ነበር፤ ገበያ ቀዘቀዘ ማለት ፈላጊው ቀነሰ ማለት ሲሆን፣ እዚህ የሆነው ግን የሁለት ቀን መንገድ መዘጋት ነው፣ እሱም ቅዳሜ ዕለት አብቅቷል።

የእነዚህ 150 ሰዎች አለመምጣት በፍሬ ሲተመን ከመቶው አርባው ቢገዙና እያንዳንዱ ገዢ 2.4 ዕቃ ቢወስድ ከሚለው ሒሳብ 144 ፍሬ ይሆናል። ከ432ቱ ጉድለት 144ቱ፣ ማለትም ሲሶው፣ በመንገዱ መዘጋት ምክንያት ነው። የቀረው 288 ፍሬ ወደ ሱቁ ከገቡት ሰዎች ጋር የተያያዘ ነው፤ የገባው ሰው ቁጥር እንደተለመደው ቢገዛ ኖሮ 940 ደረሰኝ ይቆረጥ ነበር፣ የተቆረጠው ግን 890 ነው፤ በአንድ ደረሰኝ የተሸጠውም ከ2.4 ወደ 2.21 ወርዷል። የመጀመሪያው ጉድለት ገብቶ ባዶ እጁን የወጣውን ሰው ያመለክታል፣ ሁለተኛው ደግሞ አንድ ነገር ገዝቶ ሌላውን ያጣውን። ሁለቱም የዕቃ እጥረት አሻራዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እጥረቱን ግን ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት እንጂ በግምት መለጠፍ አይቻልም።

ቻርጀሩ፦ በግልጽ ያለቀው ዕቃ

በብዛት ከሚሸጡት ዕቃዎች መካከል በአንድ ሙሉ ቀን ምንም ያልተሸጠላቸውን ስፈልግ ሁለት ብቻ ተገኙ። የመጀመሪያው በሳምንት 168 ፍሬ የሚሸጠው ዋናው ቻርጀር ነው። አቅራቢው ሰኞ ሊያስገባው የነበረውን ዕቃ ያስገባው እሁድ ጠዋት በመሆኑ ሱቁ ሳምንቱን የጀመረው በቀረው 46 ፍሬ ነበር። ሰኞ 19፣ ማክሰኞ 20፣ ረቡዕ ደግሞ 7 ተሸጠ፤ የመጨረሻው ደረሰኝ የተቆረጠው ረቡዕ ጠዋት በአምስት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ ዜሮ፣ ዕቃው በገባበት እሁድ 22። በድምሩ 68 ፍሬ።

ከተለመደው 168 ላይ 68 ቀንሶ «100 ቻርጀር አጣን» ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚደረገው ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ሦስት ነገሮችን አልቆጠረም።

አንደኛ፣ ዕቃው ባይጠፋም ኖሮ መንገዱ በተዘጋባቸው ቀናት ሽያጩ ይቀንስ ነበር፤ ስለዚህ የእነዚህን ቀናት ጉድለት ለእጥረቱም ለመንገዱ መዘጋትም አስቆጥሮ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መደመር አይገባም። ዕቃው ባልነበረበት ጊዜ ሊሸጥ ይችል የነበረውን ቀን በቀን አሰላሁት፦ ረቡዕ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት በኋላ 15፤ ሐሙስ በተለመደው 22 የሚሸጥ ቢሆንም የገባው ሰው ከተለመደው 77 በመቶ ስለነበር 17፤ ዓርብ 26 የሚሸጠው በ79 በመቶ ሲባዛ 21፤ ቅዳሜ ሙሉው 34። ድምሩ 87 ነው። መጀመሪያ ላይ የሳምንቱን አማካይ ቅናሽ፣ ማለትም 6 በመቶን፣ በሁሉም ቀናት ላይ እኩል ቀንሼ ነበር፤ ውጤቱ 91 መጣ፤ ምክንያቱም ቅዳሜን ያለ ጥፋቱ ሲቀጣው ሐሙስና ዓርብን ግን ከሚገባቸው በላይ ሞልቷቸው ነበር። በቁጥር የአራት ፍሬ ልዩነት ብቻ ነው፤ ትልልቆቹ ቀናት ላይ መንገዱ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ግን ልዩነቱ ግምቱን ከጥቅም ውጭ ያደርገው ነበር።

ሁለተኛ፣ የፈለገውን ቻርጀር ያጣ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን አይወጣም። ከጎኑ የተደረደረው ሌላ ዓይነት ቻርጀር በእነዚያ ሰዓታት በገባው ሰው ልክ 27 መሸጥ ሲገባው 49 ተሸጧል። ትርፉ 22 ፍሬ ከዋናው ቻርጀር የዞረ ፍላጎት እንደሆነ ወስጄዋለሁ፤ ስለዚህ በቻርጀር ረገድ ሱቁ በእርግጥ ያጣው 87 ሳይሆን 65 ያህል ነው።

ሦስተኛው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ሞልቶ የተቀመጠ ዕቃም ሌላ ዕቃ ስለጠፋ ሽያጩ ይቀንሳል። ከደረሰኞቹ እንደሚታየው ዋናውን ቻርጀር ከሚገዙት ግማሽ ያህሉ ገመድ አብረው ይገዛሉ። ሊሸጡ ይችሉ ከነበሩት 87 ቻርጀሮች ጋር 43 ያህል ገመድ ይወጣ ነበር፤ በምትኩ ከተገዙት 22 ቻርጀሮች ጋር 11 ስለወጣ ቀሪው 32 ገመድ ሳይሸጥ ቀርቷል። የገመዱን መዝገብ ብቻ የሚያይ ሰው «ገመድ ፈላጊ አጥቷል» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ የገመዱ ችግር ግን ያለው ቻርጀሩ ላይ ነው።

ባትሪው፦ መዝገቡ አለ የሚለው፣ መደርደሪያው የሌለው

ሁለተኛው ዕቃ በሳምንት 210 ጥቅል የሚሸጠው ባትሪ ነው። ከዓርብ ጠዋት እስከ እሁድ ማታ አንድም ጥቅል አልተሸጠም፤ የክምችት መዝገቡ ግን በሦስቱም ቀናት 120 ጥቅል አለ ይል ነበር። የመጀመሪያው ኢሜይሌ ባትሪውን ከእጥረቱ ጋር ያልጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእጥረት ዝርዝሩን ያወጣሁት ክምችታቸው ዜሮ የሆኑትን ዕቃዎች በማጣራት ነበር፣ ባትሪው ደግሞ በወረቀት ላይ ዜሮ አልነበረም።

በቀን 30 ጥቅል ገደማ የሚወጣ ዕቃ አንድ ሰዓት ሳይሸጥ ቢቀር ምንም አያስደንቅም፤ ሦስት ሙሉ ቀናት በተከታታይ፣ ቅዳሜን ጨምሮ፣ አንድም ሳይሸጥ ቀርቶ የመዝገቡ ቁጥር ሳይነቃነቅ 120 ላይ ከቆመ ግን ያ ቁጥር እውነተኛ አይደለም ብሎ መነሣት ይገባል። በየቀኑ አንድም ሁለትም የሚሸጥ ዝግ ያለ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ይህን መደምደሚያ ለመስጠት አልደፍርም ነበር፤ ምልክቱ የሚሠራው በፍጥነት ለሚወጡ ዕቃዎች ነው። ሥራ አስኪያጇን በስልክ ጠይቄ አንድ ሠራተኛ መደርደሪያውንና መጋዘኑን እንዲያይ አደረጉ። ከዚያ ጠዋት ከገባው አዲስ ዕቃ በስተቀር ቀድሞ የነበረ አንድም ጥቅል አልተገኘም። ምክንያቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ታወቀ፦ በጉዳዩ ሳምንት ሰኞ ከገባው ዕቃ ላይ እያንዳንዳቸው 60 ጥቅል የሚይዙ ሁለት ካርቶኖች ጎድለው ነበር፣ ገቢ የተደረገው ግን ካርቶኖቹ ተቆጥረው ሳይሆን ከማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ተገልብጦ ነው።

በሦስቱ ቀናት ሊሸጥ የሚችለው ዓርብ በተዘጋው መንገድ ልክ 25፣ ቅዳሜ 42፣ እሁድ 31፣ በድምሩ 98 ጥቅል ነበር። ትልቁ የባትሪ ጥቅል በእነዚህ ቀናት ከሚጠበቀው በላይ 18 ስለተሸጠ ያን ስንቀንስ 80 ያህል ጠፍቷል።

ከጠፋው ሽያጭ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ገና ያልመጣው ነበር። ቻርጀሩ ማለቁን መዝገቡ ስለሚያውቅ ትዕዛዝ ያወጣለታል። ባትሪው ግን መኖሩን ስለሚያምን አያወጣለትም። በመዝገብ ላይ ብቻ ያለ ክምችት ስለማይሸጥ ቁጥሩም ከራሱ ሊቀንስ አይችልም፤ አንድ ሰው ቆጥሮ እስኪሠርዘው ድረስ እዚያው ይቀመጣል። ሰኞ የገባው ዕቃ ለያዝነው ሳምንት ይበቃል፤ ነገር ግን 120ው ካልተሠረዘ የሐሙሱ ትዕዛዝ በትክክል ያንኑ ያህል ያንሳል፣ መደርደሪያውም ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት እንደገና ባዶ ይሆናል።

ሳይብራራ የቀረው

ለእጥረቱ የተገመቱት ሲደመሩ፣ 65 ቻርጀር፣ 32 ገመድና 80 ባትሪ፣ 177 ፍሬ ይሆናሉ። ከ288ቱ ላይ ሲቀነስ 111 ፍሬ ይቀራል። ይህን ቀሪ ለእጥረቱ ሰጥቼ ታሪኩን ሙሉ ለማድረግ ተፈትኜ ነበር፤ «ሲሶው በመንገዱ፣ የቀረው በእጥረቱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንበብም ለመጻፍም ያምራል። ነገር ግን ለዚህ የሚሆን ማስረጃ በመዝገቡ ውስጥ አልነበረም። ባለፉት ስምንት ሳምንታት ምንም የተለየ ነገር ሳይከሰት ሽያጩ ከ2,280 እስከ 2,520 ድረስ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቷል፣ ማለትም ከአማካዩ በሁለቱም በኩል እስከ 120 ፍሬ። ስለዚህ 111 በዚህ የተለመደ መዋዠቅ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው፤ ምክንያት ሊፈለግለት አይገባም፤ ምክንያት እንዳልተገኘለት መጻፍ ግን ይገባል።

የተሻሻለው ኢሜይል

ከሰዓት በኋላ የላክሁት ኢሜይል ሙሉ ቃል የሚከተለው ነው። ርዕሱን «ሳምንታዊ የሽያጭ ሪፖርት» ከሚለው የዘወትር አጠራር ለውጬ «ያለፈው ሳምንት ሽያጭ በ18 በመቶ ቀንሷል፤ ከሐሙስ በፊት ሁለት ማስተካከያዎች ያስፈልጋሉ» አልኩት፤ ሥራ አስኪያጇ ኢሜይሉን የሚያነቡት በስልካቸው፣ ሱቁ ውስጥ ቆመው ስለሆነ ውሳኔውና ቀነ ገደቡ ሳይከፍቱትም እንዲታያቸው ፈልጌ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። ጠዋት የላክሁልዎትን ማጠቃለያ ይህ ይተካል፤ በዚያኛው ላይ ገበያው ቀዝቅዟል ያልኩት ትክክል አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት 1,968 ፍሬ ተሽጧል፤ ከተለመደው 2,400 በ432 ያነሰ ነው። ከዚህ ውስጥ 144 ያህሉ ሐሙስና ዓርብ መንገዱ ተዘግቶ 150 ሰው ባለመምጣቱ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት የገባው ሰው እንደተለመደው ስለነበር ፍላጎት መቀነሱን የሚያሳይ ምልክት የለም። ሌላው 177 ያህሉ በዋናው ቻርጀርና በባትሪው እጥረት የጠፋ ነው፤ ይህ ግምት ስለሆነ ከ150 እስከ 200 ባለው ውስጥ አድርገው ይውሰዱት። የቀረው 111 ከሳምንት ሳምንት ከሚታየው የተለመደ መዋዠቅ የማያልፍ ነው።

ከሐሙስ ማታ በፊት ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቅዎታለሁ። የመጀመሪያው የባትሪው ቆጠራ ተደርጎ መዝገቡ ላይ ያለው 120 ትርፍ ጥቅል እንዲሠረዝ ነው፤ ይህ ካልሆነ የሐሙሱ ትዕዛዝ 120 ጥቅል ያንሳል። ሁለተኛው የቻርጀሩ ትዕዛዝ ሲሰላ የአራት ሳምንቱ አማካይ 143 ሳይሆን 165 ተደርጎ እንዲያዝ ነው፤ ምክንያቱም 143 የመጣው ዕቃው በሌለባቸው ቀናት የተመዘገበውን ዜሮ እንደ ፍላጎት በመቁጠር ነው። የሌሎቹን ዕቃዎች ትዕዛዝ በዚህ ሳምንት ሽያጭ ምክንያት መቀነስ አያስፈልግም።

ጎድለው የነበሩትን ሁለት የባትሪ ካርቶኖች ከአቅራቢው ጋር ለማጣራት የማስረከቢያ ሰነዱን ቅጂ ያስፈልግዎታል። የቀን በቀን ዝርዝሩ ተያይዟል፤ ለውሳኔው ግን እሱን መክፈት አይጠበቅብዎትም።»

ስለ 143 እና 165 ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል፤ በእኔ እምነት ከጉዳዩ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ነው። የማዘዣ ሥርዓቱ የቻርጀሩን ቀጣይ ፍላጎት የሚገምተው ካለፉት አራት ሳምንታት ሽያጭ ነው። ቁጥሮቹ 168፣ 170፣ 166 እና 68 ነበሩ፤ አማካያቸው 143 ነው። ሥርዓቱ በዚህ ቁጥር አዝዞ ቢሆን ኖሮ በቀን 24 ፍሬ ለሚወጣ ዕቃ ስድስት ቀን ብቻ የሚበቃ ክምችት ይገባ ነበር፤ መጠባበቂያ ከሌለ መደርደሪያው በሰባተኛው ቀን ባዶ ይሆናል፤ ከዚያም ሥርዓቱ የዚያን ሳምንት ጎዶሎ ሽያጭ ተቀብሎ አማካዩን ይበልጥ ያወርደዋል። አንድ ጊዜ በአቅራቢው መዘግየት የተፈጠረ እጥረት በዚህ መንገድ አቅራቢው በሰዓቱ እያመጣ እንኳ ራሱን እየደጋገመ ይቀጥላል፤ ከወራት በኋላ መዝገቡን የሚያይ ሰውም ዕቃው ፈላጊ እያጣ እንደመጣ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ በ68ቱ ምትክ ሊሸጥ ይችል የነበረው 155፣ ማለትም 68 እና 87፣ ሲገባ አማካዩ 165 ሆነ። እዚህ ላይ የሚገባው በምትክ የተገዛውን ቀንሰን ያገኘነው 65 ሳይሆን ሙሉው 87 ነው፤ ምክንያቱም የሱቁን ኪሳራ ስናሰላ ምትክ የገዛው ሰው ጠፍቷል ባይባልም፣ የዋናውን ቻርጀር ፍላጎት ስናሰላ ግን ያ ሰው ሲመጣ የፈለገው ዋናውን ነበር። በዚያው ልክ የምትኩ ቻርጀር ሽያጭ ላይ 22 መቀነስ ነበረበት፤ ይህን በኢሜይሉ ላይ ሳልጽፈው ቀርቼ ማክሰኞ በአንድ አጭር መልእክት ጨመርኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ሥራ አስኪያጇ የባትሪውን ቆጠራ በዚያው ሰኞ አስጨርሰው 120ውን አሠረዙ፤ የቻርጀሩን ትዕዛዝም በእጅ አስተካከሉ። ከሰነድ ላይ የሚገለበጠው ገቢ ካርቶኖቹ እየተቆጠሩ እንዲሆን ያደረጉት በራሳቸው ውሳኔ ነው፤ እኔ ያን አልጠየቅሁም፣ መጠየቅም ነበረብኝ። በእኔ በኩል የእጥረት ዝርዝሩን የማወጣበትን መንገድ ቀየርኩ፤ አሁን ክምችታቸው ዜሮ የሆኑትን ብቻ ሳይሆን፣ በቀን ከ10 በላይ ሲሸጡ ቆይተው አንድ ሙሉ ቀን ያልተሸጠላቸውን ዕቃዎች ሁሉ፣ መዝገቡ አሉ ቢልም ባይልም፣ ያወጣል። ይህ ዝርዝር በየጠዋቱ ለሱቁ ስለሚደርስ የዓርቡ ባትሪ ዓይነት ነገር እስከ ሰኞ አይጠብቅም።

በቀጣዩ ሳምንት 2,480 ሰው ገባ። ባትሪው 214 ተሸጠ፤ ቻርጀሩ ደግሞ 181፣ ባልተቋረጡት ሳምንታት ከ166 እስከ 170 ባለው ውስጥ ሲመላለስ ከቆየው ቁጥር በግልጽ ከፍ ያለ ነው። በሱቁ የነበሩት ሻጮች ሲጠየቁ ባለፈው ሳምንት ዕቃውን አጥተው ሄደው የተመለሱ ደንበኞች እንደነበሩ ተናገሩ። ይህ ማለት 65 ብዬ የገመትኩት ኪሳራ ውስጥ ጠፍቶ ሳይሆን ዘግይቶ የመጣ ሽያጭም ነበረበት ማለት ነው። በሁለተኛው ሰኞ ኢሜይል ላይ የቻርጀሩን ኪሳራ ከ65 ወደ 52 ዝቅ አድርጌ ጻፍኩ፤ የዚያኑ ሳምንት 181ም ወደ አማካዩ ከመግባቱ በፊት ከተለመደው 168 በላይ የሆነው 13 እንዲወጣ ጠየቅሁ፤ ያ 13 ቀድሞ በ155ቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ተቆጥሯልና።